የዶሜይን ስምና የንግድ ኢሜይል፦ ከጎንደር ለደረሱን ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ጥያቄ፦ ፒያሳ አካባቢ የእንግዳ ማረፊያ ልከፍት ነው። ለዶሜይኑ gondarrooms የሚለውን ስም መርጫለሁ። ይሆናል? መጨረሻውስ .com ይሻላል ወይስ .com.et?

ስሙ ሥራዎን በግልጽ የሚናገር ቢሆንም መካከሉ ላይ እንቅፋት አለበት። የመጀመሪያው ቃል በ r ያልቃል፣ ሁለተኛውም በ r ይጀምራል፤ ስለዚህ ስሙን በስልክ የሰማ ሰው አንዱን r ዘልሎ መጻፉ አይቀርም። የከተማችን ስም ራሱም Gondar እና Gonder ተብሎ በሁለት መንገድ ይጻፋል። ድረ ገጹን በትክክል ያልጻፈ እንግዳ በጎግል ፈልጎ ሊያገኘው ይችላል። ኢሜይል ግን እንዲህ ያለ ዕድል የለውም፤ በአንድ ፊደል የተሳሳተ መልእክት ወይ ወደ ላኪው ይመለሳል፣ ወይም ያንን ስም ቀድሞ ለያዘ ሌላ ሰው ይደርሳል። ዶሜይን ሲመረጥ ከድረ ገጹ ይበልጥ ኢሜይሉን ማሰብ የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ።

እኔ ብሆን fasilrooms ወደሚለው ዓይነት ስም አዘነብላለሁ፤ «ፋሲል» በላቲን ፊደል ሲጻፍ ብዙም አያሳስትም፣ ከሚቀጥለው ቃል ጋርም አይጋጭም። የመረጡትን ስም ከመክፈልዎ በፊት ለሁለት ለሦስት ሰዎች በስልክ ነግረው ያለ ማብራሪያ እንዲጽፉት ይጠይቋቸው። ሰረዝ ያለበትን ስም ግን ይተዉት፣ ሲነገር ይረሳልና።

መጨረሻውን በተመለከተ፣ በኢትዮ ቴሌኮም በኩል የሚሰጠው .com.et የአገር ውስጥ ድርጅት መሆንዎን ያሳያል። ሆኖም ከውጭ የሚመጣ እንግዳ እጁ የለመደው .com ነው፤ .et የምትለዋን ከዘነጋ ደብዳቤው በ .com ያንኑ ስም ወደያዘው ሰው ይሄዳል። አብዛኞቹ ደንበኞችዎ የውጭ ጎብኚዎች ከሆኑ .com ዋናው ይሁን። .com.et ብቻውን የሚመርጡ ከሆነ ደግሞ የዚያው ስም .com በማን እጅ እንዳለ አስቀድመው ያጣሩ።

ጥያቄ፦ የሰሜን ተራሮች አስጎብኚ ነኝ። በዶላር የሚከፍል ካርድ ስለሌለኝ ድረ ገጹን የሠራልኝ ባለሙያ ዶሜይኑንም በራሱ አካውንት ገዛልኝ። ችግር አለው?

ሰውየው ታማኝ ቢሆንም እንኳ አለው። ዶሜይን በየጊዜው የሚታደስ የመጠቀም መብት እንጂ አንዴ ተገዝቶ የሚያበቃ ዕቃ አይደለም፤ የማደሻ ማሳሰቢያውም የሚላከው ለአካውንቱ ባለቤት ነው። ባለሙያው ሥራ ቢቀይር ወይም አድራሻው ቢዘጋ ማሳሰቢያው ለእርስዎ አይደርስም። ጊዜው ያለፈ .com እንደ ሻጩ ደንብ እስከ 45 ቀን ድረስ በተለመደው መንገድ ሊታደስ ይችላል፤ ከተሰረዘ በኋላ ባሉት 30 ቀናት ደግሞ ከበድ ያለ ቅጣት ተከፍሎ ይመለሳል። ያም ካለፈ ማንም ይወስደዋል፤ የወሰደውም ሰው ከፈለገ በእርስዎ ስም የሚመጣውን ኢሜይል ሁሉ መቀበል ይችላል።

መፍትሔው ዶሜይኑ በተገዛበት ድርጅት ዘንድ በራስዎ ስም አካውንት ከፍተው ባለሙያው ወደዚያ እንዲያዛውረው ማድረግ ነው። በዚያው ድርጅት ውስጥ ማዛወር ብዙ ጊዜ ቀላል ነው። ወደ ሌላ ድርጅት ለመውሰድ ግን የማዛወሪያ ኮድ ያስፈልጋል፣ አዲስ የተመዘገበ .com ደግሞ 60 ቀን ሳይሞላው አይዛወርም። አካውንቱን ሲከፍቱ በዚያው ዶሜይን ላይ ያለ ኢሜይል አያስመዝግቡ፤ ዶሜይኑ በተቋረጠ ቀን የይለፍ ቃል ማስመለሻውም አብሮ ይቋረጣል። ክፍያውን ሌላ ሰው ቢፈጽምልዎ ጉዳት የለውም፤ አካውንቱ ግን የእርስዎ ይሁን።

ጥያቄ፦ አዘዞ ያለው ሆቴላችን ድረ ገጹን ወደ ሌላ ኩባንያ አዛውሯል። ድረ ገጹ በደንብ ይሠራል፤ ኢሜይል ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድም አልደረሰንም። መላክ እንችላለን። ምን ሆኖ ነው?

ከገለጻችሁት ተነሥቼ ስገምት የዶሜይኑ ኔም ሰርቨር ተቀይሯል፤ በአዲሱ ቦታ የድረ ገጹ መዝገብ ሲጻፍ የኢሜይሉ ተረስቷል። ድረ ገጽና ኢሜይል በአንድ ስም ቢጠሩም በሁለት የተለያዩ ማሽኖች ሊቀመጡ ይችላሉ፤ የትኛው የት እንዳለ የሚናገሩት በኔም ሰርቨሩ ላይ የተጻፉት መዝገቦች ናቸው። ለትምህርት ብቻ በተተወው .example መጨረሻ ብናሳየው ትክክለኛው መዝገብ ይህን ይመስላል፦

```
fasilrooms.example.  A   203.0.113.10
fasilrooms.example.  MX  10 mx1.mailhost.example.
```

የመጀመሪያው መስመር ድረ ገጹ ያለበትን ማሽን ይጠቁማል፤ ሁለተኛው ደብዳቤ የሚቀበለውን። ሁለተኛው መስመር ሲጠፋ የላኪው ሰርቨር ሥራውን አያቆምም፤ በደንቡ መሠረት ወደ A መዝገብ ዞሮ ደብዳቤውን ለድረ ገጹ ማሽን ለማስረከብ ይሞክራል። እዚህ ላይ የሚሆነው ከሦስት አንዱ ነው። ማሽኑ አልቀበልም ካለ ላኪው የመመለሻ መልእክት ይደርሰዋል፤ ጭራሽ ካልመለሰ ደብዳቤው በላኪው ሰርቨር ወረፋ ይዞ ለተወሰኑ ቀናት ደጋግሞ ይሞክራል። ሦስተኛው ከሁሉ የከፋ ነው፤ የሆስቲንግ ኩባንያው በስማችሁ የመልእክት ሳጥን ከፍቶ ከሆነ ደብዳቤው ማንም በማያየው በዚያ ሳጥን ውስጥ ይጠራቀማል፣ ላኪውም የደረሳችሁ ይመስለዋል። እናንተ መላክ የቻላችሁት ስትልኩ የምትጠቀሙበት የኢሜይል ድርጅት ሰርቨር ስላልተቀየረ ነው።

ግምቴን ለማረጋገጥ በማንኛውም ኮምፒውተር የትእዛዝ መስኮት ላይ በራሳችሁ ዶሜይን ይህን ጻፉ፦

```
nslookup -type=mx fasilrooms.example
```

መልሱ ውስጥ የኢሜይል ድርጅታችሁ ሰርቨር ስም ከሌለ ነገሩ ያው ነው። ከኢሜይል ድርጅቱ ትክክለኛውን የ MX አድራሻ ተቀብላችሁ በአዲሱ ኔም ሰርቨር ላይ አስጽፉ፤ በላኪዎች ዘንድ ተይዞ የቆየው የቀድሞ መረጃ እስኪያልፍ ጥቂት ሰዓታት ታገሡ። በዚያው ዕለት አዲሱን ኩባንያ በስማችሁ የተከፈተ የመልእክት ሳጥን እንዳለ ጠይቁ፤ የቦታ ማስያዣ ጥያቄዎች እዚያ ተጠራቅመው ሊገኙ ይችላሉ። ሳጥኑ ካለ ኩባንያው የዶሜይናችሁ ደብዳቤ በሌላ ድርጅት እንደሚስተናገድ በቅንብሩ ላይ እንዲያመለክት አድርጉ። ይህ ካልተስተካከለ በድረ ገጹ ላይ ያለው የመጠየቂያ ቅጽ የሚልከው መልእክት MX ቢታረምም ከዚያው ማሽን አይወጣም።

MX ከተረሳ SPF እና DKIM የሚባሉት ላኪነታችሁን የሚያረጋግጡ መዝገቦችም ሳይረሱ አልቀሩም። የእነርሱ መጥፋት የምትልኩትን ዋጋ ማቅረቢያ ወደ ስፓም ይገፋዋል። ጂሜይል ከየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ እርሱ ከሚልክ ሰው ሁሉ ቢያንስ አንዱን ይጠይቃል። SPF በአንድ ዶሜይን ላይ አንድ መስመር ብቻ መሆን አለበት፤ ሁለት ሲሆን ሁለቱም ዋጋ ያጣሉ። ከእርማቱ በኋላ ወደ አንድ የጂሜይል አድራሻ ልካችሁ መልእክቱን በኮምፒውተር ክፈቱና Show original የሚለውን ተጫኑ፤ ከ SPF እና ከ DKIM ፊት ለፊት PASS የሚል ቃል ማየት አለባችሁ።

ጥያቄ፦ ማራኪ ላይ የልብስ ስፌት ቤት አለን፤ ሠራተኞቻችን አራት ናቸው። ስንት ኢሜይል እንክፈት?

በቢዝነስ ካርድና በድረ ገጹ ላይ የሚወጣው አንድ ይበቃል፤ info@ ወይም order@ የሚል የሥራው መጠሪያ እንጂ የሰው ስም አይሁን። ደንበኛ የሚያውቀው አድራሻ በሠራተኛ ስም ከተከፈተ ሠራተኛዋ ስትለቅ ትእዛዙም ወደተዘጋ ሳጥን ይሄዳል። አብዛኞቹ ድርጅቶች የሚያስከፍሉት በሳጥን ቁጥር ነው፤ ተጨማሪ ስሞች ወደ አንዱ ሳጥን የሚያደርሱ መጠሪያዎች ሆነው ቢከፈቱ ብዙ ጊዜ ተጨማሪ ክፍያ የለባቸውም። በኢሜይል የምትሠሩት ሁለት ብቻ ከሆናችሁ ሁለት ሳጥን ክፈቱ፤ order@ ለሁለቱም እንዲደርስ አድርጉና መልስ የሚሰጠው የትኛው እንደሆነ ተነጋገሩ።