ከመስመሩ ለሚረዝም ቃል

ልጆቼ፣

ፕሮግራም መጻፍ ጀምራችሁ ምክር ስትጠይቁኝ ደጋግሜ የማነሣላችሁ አንድ ሥራ አለ። ጽሑፍ ተቀብሎ፣ ስፋቱ በተወሰነ ዓምድ ውስጥ፣ ቃል ሳይቆርጡ መስመር በመስመር መደርደር ነው። ሲያዩት የአንድ ከሰዓት ሥራ ይመስላል። እኔም እንደዚያ መስሎኝ ጽፌው፣ እዚህ ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ካለ አንድ የጀልባ ቲኬት መሸጫ ውስጥ አንድ ሙሉ ጥቅል ወረቀት ምንም ሳይታተምበት ወለሉ ላይ ሲፈስ አየሁ። ስሕተቱ የት እንደነበረ በዝርዝር ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም ዛሬም በልጆች ኮድ ውስጥ ያንኑ ስሕተት አገኘዋለሁ።

መጀመሪያ ስፋቱ ከየት እንደመጣ እዩ። የትንሿ ደረሰኝ ፕሪንተር ወረቀት ስፋቱ 58 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ የሚታተምበት ቦታ 384 ነጥብ ነው። አንዱን የላቲን ፊደል በ12 ነጥብ ስለሚያትመው 32 ፊደል ይይዛል። የኛ ፕሪንተር ግን ፊደላችን በውስጡ አልነበረውም። ስለዚህ እያንዳንዱን ፊደል በ24 ነጥብ ሕዋስ እየሳልን እንልክ ነበር፤ በአንድ መስመር 16 ሕዋስ ብቻ ማለት ነው። ስድስቱን ለዋጋ ስንለይ ለጽሑፉ 10 ቀረን። እንግሊዝኛ በ10 ሕዋስ ቢጨናነቅም ይቻላል። አማርኛ ግን «እንደማይመጣላቸውም» የሚለውን ሁሉ በአንድ ቃል የሚናገር ቋንቋ ስለሆነ፣ 10 ሕዋስ ላይ ከመስመሩ የሚረዝም ቃል እንግዳ ነገር አይደለም።

የመጀመሪያው ፕሮግራሜ የሚያደርገው ይህን ነበር። ጽሑፉን ክፍት ቦታ ባለበት ሁሉ ይከፋፍላል። ቀጣዩ ቃል ከነክፍት ቦታው በመስመሩ ላይ ከበቃው ይጨምረዋል። ካልበቃው መስመሩን አትሞ፣ አዲስ መስመር ከፍቶ፣ ያንኑ ቃል እንደገና ይሞክራል። ሁለት ወር ያህል እንከን ሳይወጣለት ሠራ። አንድ ቀን ጠዋት ግን የቲኬት ሻጯ ደውላ «ወረቀቱ ባዶውን እየወጣ ነው፣ አልቆም አለኝ» አለችኝ። ስደርስ ሶኬቱን ነቅላዋለች፤ ነጭ ወረቀት እግሯ ሥር ተከምሯል።

የዕለቱን ማሳሰቢያ የጻፉት በመሸጫው የሚያግዙ አንድ አዛውንት ነበሩ። ልጅነታቸውን ዘጌ ቁም ጽሕፈት ሲማሩ ያሳለፉ ናቸው። ኮምፒውተር ላይም ቢሆን በሁለት ቃል መካከል ክፍት ቦታ አይተዉም፤ ሁለት ነጥብ ያደርጋሉ። አረጋውያን ይዘው ለሚመጡ ተሳፋሪዎች የጻፉት ይህ ነበር፦

ጀልባው፡ወደ፡ዘጌ፡ከመሄዱ፡በፊት፡ዕቃ፡እንዲያስመዘግቡላቸው፡ይጠይቁ

ለኛ ስምንት ቃል ነው። ለፕሮግራሜ ግን አንድም ክፍት ቦታ ስለሌለበት 40 ፊደል የሚረዝም አንድ ቃል ነው። ሁለት ነጥቡ፣ በዩኒኮድ U+1361፣ ከሥርዓተ ነጥብ ወገን እንጂ ከክፍት ቦታ ወገን አይቆጠርም፤ በፓይተን `split()` ብትሉ አይነካውም። እንግዲህ 40ው ፊደል 10 ላይ አልበቃም፤ ፕሮግራሙ ባዶውን መስመር አተመና አዲስ ከፈተ። እንደገና ሞከረ፤ አሁንም አልበቃም፤ ሌላ ባዶ መስመር አተመ። አዲስ መስመር ሁልጊዜ በቂ ነው ብዬ ማመኔ ነው ጥፋቱ። ምልክቱን እወቁት፦ ባዶ መስመር ያለ ማቋረጥ ከወጣ፣ ወይም ፕሮግራሙ ምንም ሳያወጣ ከተንጠለጠለ፣ ከስፋቱ የሚረዝም ቃል ፈልጉ።

ማስተካከያው አጭር ነው። ቃሉን እንደገና ከመሞከር ይልቅ በአዲሱ መስመር ላይ አስቀምጡት፤ ትርፍ ካለው በስፋቱ ልክ ቁረጡ።

```python
def wrap(text, w):
    lines, cur = [], ""
    for word in text.split():
        if cur and len(cur) + 1 + len(word) > w:
            lines.append(cur)
            cur = ""
        cur = cur + " " + word if cur else word
        while len(cur) > w:
            lines.append(cur[:w])
            cur = cur[w:]
    if cur:
        lines.append(cur)
    return lines
```

`if cur and` የሚለውን እዩት። መስመሩ ባዶ ከሆነ አይታተምም ማለት ነው፤ ከረጅሙ ቃል በፊት ባዶ መስመር እንዳይወጣ የሚከለክለው እሱ ነው። `while` ደግሞ በዞረ ቁጥር `w` ያህል ፊደል ስለሚበላ መጨረሻ አለው። `w` ዜሮ ከሆነ ግን ምንም አይበላም፤ ያው ዙሪት ይመለሳል። የዋጋውን ዓምድ ስትቀንሱ የሚቀረው ቦታ ከ1 በታች ሊሆን የሚችል ከሆነ ገና መግቢያው ላይ አስቁሙት።

ኮዱን አስተካክዬ የአዛውንቱን ማሳሰቢያ እንዳለ ሰጠሁት፤ እንዲህ ወጣ፦

```
ጀልባው፡ወደ፡ዘጌ
፡ከመሄዱ፡በፊት፡
ዕቃ፡እንዲያስመዘ
ግቡላቸው፡ይጠይቁ
```

ለእኔ ቃል የተቆረጠበት የተበላሸ ወረቀት ነበር። እሳቸው ግን አንዴም ሳይደናቀፉ አነበቡት። «ቃሉ እኮ ተቆርጧል፣ አባ» ስላቸው «‹ዘ› ላይ ነጥብ አለ እንዴ? ነጥብ ከሌለ ቃሉ አላለቀም» አሉኝ። ቅር ያላቸው ሁለተኛው መስመር በነጥብ መጀመሩ ብቻ ነበር፤ «ነጥቡ ከፊተኛው ቃል ጋር ነው የሚሄደው» አሉ።

ይህን ከሰማሁ በኋላ ነው የዘጌን የብራና መጻሕፍት በሌላ ዓይን ያየኋቸው። ቁም ጸሐፊው ብራናውን በወስፌ ወግቶ መስመሩን ይጭራል፤ ገጹንም አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ዓምድ ይከፍለዋል። ዓምዱ ሲሞላ ቃሉን መሐል ላይ ትቶ በታችኛው መስመር ይቀጥላል፤ ሰረዝም አያደርግም። የቃሉን መጨረሻ የሚናገረው ሁለት ነጥቡ ስለሆነ የመስመር መጨረሻ ምንም ትርጉም የለውም። ሁለት ነጥቡን በክፍት ቦታ ስንተካው ግን ይህ ዋስትና ቀረ። በመስመር ዳርቻ ክፍት ቦታ አይታይም፤ ስለዚህ አንባቢው ቃሉ ይለቅ አይለቅ የሚያውቅበት ነገር የለውም። ቃል አትቁረጡ የሚለው ደንብ በኛ ጽሑፍ ላይ ክብደት ያገኘው በክፍት ቦታ መጻፍ ስንጀምር ነው ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ ከመደርደራችሁ በፊት ጽሑፉ በየትኛው እንደተለየ እወቁ። እኛ ለደረሰኙ ሁለት ነጥቡን በክፍት ቦታ ለወጥነው። እዚህም ላይ አንድ ወጥመድ አለ፦ ሰዓትም የሚጻፈው በሁለት ነጥብ ነው። ዝም ብላችሁ ከለወጣችሁ «2፡30» የሚነሣው ጀልባ «2 30» ይሆናል፤ ይባስ ብሎም 2 በአንድ መስመር፣ 30 በሌላው ሊወድቅ ይችላል። በግራም በቀኝም አኃዝ ካለ ነጥቡን ተዉት፦

```python
import re
text = re.sub(r"(?<!\d)፡|፡(?!\d)", " ", text)
```

ሁለት ነጥቡን ማቆየት የምትፈልጉ ከሆነ ደግሞ ቦታ እንደሚይዝ አትርሱ። «ጀልባው ወደ ዘጌ» ልክ 10 ነው፤ ተከትሎት ያለው ክፍት ቦታ ዳርቻው ላይ ይጠፋል። «ጀልባው፡ወደ፡ዘጌ፡» ግን 11 ነው፤ «ዘጌ፡» ወደ ታች መውረድ አለበት። መስመሩ የሚሰበረው ከነጥቡ በኋላ እንጂ በፊት አይደለም፤ የዩኒኮድ የመስመር አሰባበር ደንብም ከአዛውንቱ ጋር ይስማማል።

አሁን ክፍት ቦታ ያለውን ጽሑፍ በዚያው ኮድ እንየው፦

```
ጀልባው ወደ ዘጌ
ከመሄዱ በፊት
ዕቃ
እንዲያስመዘግቡላ
ቸው ይጠይቁ
```

የመጀመሪያው መስመር ልክ 10 ሆኖ ገብቷል፤ በኮዱ ውስጥ `>` ፋንታ `>=` ብትጽፉ «ዘጌ» ያለ ምክንያት ይወርድ ነበር። «ዕቃ» ሁለተኛው መስመር ላይ ቢጨመር 11 ስለሚሆን ወረደ። ቀጥሎ ያለው ቃል 12 ፊደል ነው፤ በየትኛውም መስመር አይበቃም፤ 10 ላይ ተቆረጠና «ቸው» ተረፈ። የተረፈው ግን ለብቻው አልቀረም፤ «ይጠይቁ» አጠገቡ ገባ። ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ ይህን ይረሱና ቁራጩን ብቻውን ያትሙታል።

የፓይተኑ `textwrap.wrap(text, width=10)` በሌላ መንገድ ይሄዳል። ረጅሙን ቃል ሲያገኝ «ዕቃ» ባለበት መስመር የቀረውን ሰባት ሕዋስ ይሞላበታል፤ «ዕቃ እንዲያስመዘ» ይሆንና ቀሪው «ግቡላቸው ይጠይቁ» ይላል። አንድ መስመር ተረፈ ማለት ነው። እኔ ግን ረጅሙን ቃል ከመስመር መጀመሪያ ማስነሣቱን እመርጣለሁ። አንባቢው መነሻውን በግራ በኩል ስለሚያገኘው የሁለቱን ቁራጭ ዝምድና ቶሎ ያያል። በዚያው መሣሪያ `break_long_words=False` ካላችሁት ቃሉን ሳይነካ 12 ሕዋስ ያደርገዋል። ስክሪን ላይ ይህ ችግር ላይሆን ይችላል። በኛ ደረሰኝ ላይ ግን ሁለቱ ፊደል ዋጋው ላይ ይታተሙ ነበር፤ ዋጋው የማይነበብ ቲኬት ደግሞ ከተቆረጠ ቃል የባሰ ነው።

ሲቆረጥ ሰረዝ ይደረግ ወይ ትሉኛላችሁ። ክፍት ቦታ ላለው ተራ ጽሑፍ አዎን፣ ይደረግ፤ በነጥቡ ፋንታ «አላለቀም» የሚለው እሱ ነውና። ለሰረዙ አንድ ሕዋስ ስለሚያስፈልግ ቃሉን 10 ላይ ሳይሆን 9 ላይ ቁረጡ፦

```
እንዲያስመዘግቡ-
ላቸው ይጠይቁ
```

እዚህ ላይ ቁርጡ «ላቸው» ከሚለው ቅጥያ በፊት መውደቁ አጋጣሚ ነው፤ ሁልጊዜ አይሳካም። ለስልክ፣ ለሒሳብ ቁጥርና ለቲኬት መለያ ግን ሰረዝ በፍጹም አታስገቡ። ሰውየው ሰረዙን የቁጥሩ አካል አድርጎ ይገለብጠዋል። እነዚህን ራሳቸውን በቻሉ መስመሮች፣ ያለ ምንም ምልክት፣ በስፋቱ ልክ ቁረጡ።

አንድ ነገር ልጨምር። የምትቆጥሩት ፊደል እንጂ ባይት እንዳይሆን ተጠንቀቁ። በዩቲኤፍ-8 አንዱ ፊደላችን 3 ባይት ነው፤ በ10 ባይት ከቆረጣችሁ ሦስት ፊደልና የአራተኛው ሲሶ ይወጣላችኋል። መስመሩ ሁሉ ካሰባችሁት ሲሶ ሆኖ፣ ዳርቻው ላይ የጥያቄ ምልክት ያለበት ጥቁር አልማዝ ካያችሁ፣ የመደርደሪያው ኮድ ላይ ጊዜ አታጥፉ፤ ጽሑፉ ገና ወደ ፊደል ሳይፈታ ነው የደረሰው።

ኮዱን ጽፋችሁ ስትጨርሱ ስፋቱን 10 አድርጉና እነዚህን ስጡት፦ ባዶ ጽሑፍ፤ ልክ 10 ፊደል ያለው ቃል፤ 11 ፊደል ያለው ቃል፤ 20 ፊደል ያለው ቃልና ከኋላው አንድ አጭር ቃል፤ በመጨረሻም የአዛውንቱን ዓረፍተ ነገር፣ አንዴ በክፍት ቦታ፣ አንዴ በሁለት ነጥብ። የወጡትን መስመሮች መልሳችሁ ግጠሙና ከመጀመሪያው ጽሑፍ አንድም ፊደል አለመጥፋቱን ቁጠሩ። 20 ፊደሉ ላይ በመሐል ባዶ መስመር ከወጣ ወደ `while` ተመለሱ።