ሠርጉን ያስቀረው ክልከላው ነው ወይስ እርስዎ?

ጥያቄ፦ «ለእህቴ ሠርግ አዲስ አበባ ውስጥ አዳራሽ በ120,000 ብር ተከራይቼ 40,000 ብር ቀብድ ከፍዬ ነበር። ሠርጉ ሚያዝያ 18 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። መንግሥት በኮሮና ምክንያት ስብሰባ ሲከለክል፣ ክልከላው በተሰማ ሰሞን እኛው ራሳችን ነገርናቸው። ባለቤቱ ‹ሲከፈት ሌላ ቀን እሰጣችኋለሁ› ብሎን ነበር፤ እህቴ ግን ኋላ ወደ ውጭ ሄደች። አሁን ብሬን ስጠይቅ ‹ቀብድ አይመለስም› ይለኛል። መንግሥት ከልክሎ እኔ ለምን እከስራለሁ? እጥፉን መጠየቅስ አልችልም?»

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂ፣ ሕጉ በአጭሩ ይህን ይላል። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1791 መሠረት ውሉን ያልፈጸመ ሰው ጥፋት ባይኖርበትም ኪሣራ ይከፍላል፤ ከዚህ የሚድነው እንዳይፈጽም ያገደው ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል መሆኑን ሲያስረዳ ብቻ ነው። ቁጥር 1792 ይህ ኃይል በተለመደው ሁኔታ ሊገመት የማይችልና ውሉን መፈጸምን ፈጽሞ የሚከለክል መሆን እንዳለበት ይደነግጋል፤ ሥራውን ያከበደው ወይም ወጪውን ያናረው ብቻ ከሆነ አይበቃም። ቁጥር 1793 ደግሞ ውሉ እንዳይፈጸም የሚያግድ የመንግሥት ክልከላን ከምሳሌዎቹ አንዱ አድርጎ ይጠቅሳል፤ ነገር ግን «እንደ ሁኔታው» የምትል ቃል ስላለችበት፣ ክልከላ በተባለ ቁጥር ሁሉ ውል ይፈርሳል ማለት አይደለም።

ስለ እጥፉ የጠየቁትን እዚሁ ልዝጋው። ቀብድ የተቀበለ ሰው እጥፍ የሚመልሰው በራሱ ፈቃድ ውሉን ሲተው ነው። አዳራሹን ያዘጋው ባለቤቱ ስላልሆነ በዚህ በኩል የሚያገኙት ነገር አይታየኝም፤ ለመጥሪያ ካርድና ለልብስ ያወጡትን ወጪም በኪሣራ ስም ሊያስከፍሉት አይችሉም። በሌላ በኩል ግን ባለቤቱም ተሳስቷል። ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል እርሱን የሚያድነው ኪሣራ ከመክፈል ነው እንጂ፣ ያላስረከበውን አዳራሽ ዋጋ እንዲያስቀር መብት አይሰጠውም። የአንደኛው ወገን ግዴታ ሊፈጸም የማይችል ሲሆን ሌላው ወገን ውሉን መሰረዝ እንደሚችል ቁጥር 1788 ይናገራል፤ የተሰረዘ ውል ደግሞ በቁጥር 1815 መሠረት በተቻለ መጠን ተዋዋዮቹን ወደ ቀድሞ ቦታቸው ይመልሳቸዋል። ስለዚህ ነገሩ በዚህ መንገድ ከሄደ 40,000 ብሩ ይመለሳል፤ ባለቤቱ ለእርስዎ ሠርግ ብሎ በእርግጥ ያወጣው ወጪ ካለና ካስረዳ ፍርድ ቤቱ ሊያስብለት ይችል ይሆናል።

«ነገሩ በዚህ መንገድ ከሄደ» ያልኩት በምክንያት ነው። ደብዳቤዎ ላይ ሦስት ጊዜ የተመለስኩበት ቃል «ሰሞን» የሚለው ነው። ክልከላው በተሰማ ሰሞን ነገርናቸው ብለዋል፤ በየትኛው ቀን፣ በስልክ ይሁን በጽሑፍ፣ በምን ቃል እንደነገሯቸው ግን አልጻፉም። ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የጉዳዩን ፍሬ ትተው ዳሩን ነው የጻፉልኝ።

ቀኖቹን አብረን እንያቸው። በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ነው። መጋቢት 7 ቀን መንግሥት ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ፣ ስፖርታዊ ውድድሮችና ብዙ ሰው የሚሰበሰብባቸው ዝግጅቶች እንዲቆሙ ሲወስን ጊዜውን የወሰነው በ15 ቀን ነበር። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ የታወጀው መጋቢት 30 ቀን ሲሆን፣ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብን የከለከለው ደንብ የመጣው ከእርሱ ቀጥሎ ነው፤ አዋጁም ለአምስት ወር የሚጸና ነበር። የእርስዎ ሠርግ የዳግም ትንሣኤ እሑድ፣ ሚያዝያ 18 ነው።

እንግዲህ መጋቢት 9 ቀን ለባለቤቱ «ሠርጉን ትተነዋል፣ ቀብዳችንን መልስልን» ብለውት ከሆነ፣ በዚያን ቀን በሥራ ላይ የነበረው ክልከላ በወረቀት ላይ ያለው ዕድሜ መጋቢት 22 ግድም የሚያልቅ ነበር። ሠርጉ ከዚያ በኋላ አንድ ወር ሊሞላ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። ባለቤቱ ፍርድ ቤት ቀርቦ «እኔ አዳራሼን ለሚያዝያ 18 ይዤ ስጠብቅ፣ ክልከላው ያልደረሰበትን ቀን እነርሱ ፈርተው ተዉት» ቢል፣ ክርክሩ ቀላል አይደለም። ፍርሃቱ ተገቢ ነበር፤ እኔም በእርስዎ ቦታ ብሆን እፈራ ነበር። ሕጉ ግን የሚጠይቀው ሥጋትን ሳይሆን ፈጽሞ መከልከልን ነው።

ደንበኞቼ ደጋግመው የሚወድቁበት ወጥመድ ይህ ነው። ቁጥር 1885 ካላዩት በቀር የሚያስጠነቅቅዎ የለም፤ ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠ ሰው ቀብዱን በመልቀቅ ውሉን መተው ይችላል ይላል። ስለዚህ «ትተነዋል»፣ «ይቅርብን»፣ «ሰርዘነዋል» የሚሉ ቃላት፣ እርስዎ መንግሥትን እየወቀሱ የተናገሯቸው ቢሆኑም፣ በሕግ ዓይን ቀብድን ለቅቆ የመውጣት ቃል ሆነው ሊነበቡ ይችላሉ። ሰው መልእክቱን ሲጽፍ የሚያስበው እያዘነ ነው፤ ዳኛው የሚያነበው ግን ቀኑንና ግሡን ነው። አንድ ደንበኛዬ ስልኩን አውጥቶ በኩራት ያሳየኝ መልእክት «በሁኔታው ምክንያት ፕሮግራሙን አንስተነዋል፣ እናመሰግናለን» ይላል፤ ክልከላው የእርሱን ቀን የነካው ይህን ከላከ ከ12 ቀን በኋላ ነበር። ምስጋናው በተለይ ጎዳው፤ የተቃራኒው ጠበቃ በፈቃድ የመለያየት ማስረጃ ነው ብሎ ነበር ያነበበው።

መጻፍ የነበረበት ሌላ ነበር። «መጋቢት 7 የወጣው ክልከላ ወደ ሚያዝያ 18 ከተራዘመ አዳራሹን ልታስረክቡን አትችሉም፤ ውሉን አልተውንም፤ ክልከላው ቀናችንን የነካ እንደሆነ ቀብዳችን እንዲመለስልን እንጠይቃለን» የሚል ሁለት መስመር ይበቃ ነበር። እንዲህ ቢሆን ሚያዝያ 18 ሲደርስ ውሉ በሕይወት ያለ፣ ከአራት ሰው በላይ የሚከለክለው ደንብ የመታው ውል ይሆን ነበር፤ 1885ም ቦታ አያገኝም ነበር። በአንጻሩ እርስዎ የነገሯቸው ከመጋቢት 30 በኋላ፣ ለምሳሌ ሚያዝያ 5 ቀን ከሆነ፣ የአምስት ወሩ አዋጅ ሠርጉን ሸፍኖታልና «ትተነዋል» ብለው ቢጽፉም እንኳ ከቁጥር 1788 ጋር አያይዤ ለመከራከር አላመነታም። በሁለቱ ቀኖች መካከል ያለው ልዩነት 40,000 ብር ነው ማለት ይቻላል።

መጋቢት 9 ሆኖ ከተገኘ ሁሉ ነገር አልቋል አልልም። ክልከላው እንደሚራዘም ማንም ያየው ነበር፣ ኋላም ተራዝሟል፣ ባለቤቱም በሚያዝያ 18 አዳራሹን ለማንም ሊያከራይ አይችልም ነበር፤ ስለዚህ ከእኛ መውጣት ያጣው ነገር የለም የሚል ክርክር አለ። ጥሩ ክርክር ነው፤ የሚያስተማምን ክርክር ግን አይደለም፤ የመልእክቱን ትክክለኛ ቃል ያየ ጠበቃ ሳያማክሩ በእርሱ ላይ ተመሥርተው ክስ አይክፈቱ።

ሁለተኛው ዝም ያሉበት ነገር «ሌላ ቀን እሰጣችኋለሁ» ሲል እርስዎ ምን እንደመለሱ ነው። «እሺ» ብለው ከነበረ፣ በተለይ በጽሑፍ ከሆነ፣ ባለቤቱ ውሉ ፈርሶ ሳይሆን ቀኑ ተዛውሮ ነው የሚል መልስ ይኖረዋል። ከዚያ በኋላ ሠርጉ የቀረው በእህትዎ መሄድ እንጂ በክልከላው አይደለም፤ የእህት ወደ ውጭ መሄድ ደግሞ ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል ሊባል አይችልም። «እናስብበት» ብለው ዝም ብለው ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው። ይህን ለጠበቃዎ እንዳለ ይንገሩት፤ ከተቃራኒው ወገን አፍ ሲሰማው መከላከል ይከብደዋል።

ደረሰኙንም ያውጡት። በተለምዶ ሁሉንም ቅድሚያ ክፍያ ቀብድ እንላለን፤ ወረቀቱ «ቀብድ» ካላለና «የመጀመሪያ ክፍያ» ወይም «ከኪራዩ የተከፈለ» ብሎ ከሆነ፣ የቀብዱን ደንብ በእርስዎ ላይ ለመጥቀስ ባለቤቱ ይቸገራል። «በምንም ምክንያት አይመለስም» የሚለው ዐረፍተ ነገርም የት እንዳለ ይዩ። እርስዎ በፈረሙት ውል ውስጥ ከሆነ ክብደት አለው፤ ብሩን ከከፈሉ በኋላ በተሰጠዎ ደረሰኝ ጀርባ በማኅተም የተመታ ከሆነ አውቄ አልተቀበልኩትም ማለት ይችላሉ። ውሉ የተፈረመበት ቀንም ያስፈልገኛል። ታኅሣሥ ላይ ከሆነ ክልከላውን ማንም ሊገምተው አይችልም ነበር፤ ከመጋቢት 4 በኋላ ከሆነ ግን «እያወቃችሁ ገባችሁ» መባልዎ አይቀርም።

በጊዜ በኩል ቁጥር 1845 ለውል ክስ የሚሰጠው 10 ዓመት ነውና እስካሁን በሩ አልተዘጋም። ነገር ግን ምስክሮች ይረሳሉ፣ ስልክ ይጠፋል፤ በ2012 የነበረዎትን ስልክ ወይም ሲም ካርድ ይፈልጉ፣ መልእክቶቹን ቀናቸው በሚታይበት መልኩ ያትሙ፣ ከውሉ ዋና ቅጂ፣ ከደረሰኙና ከባንክ ማስተላለፊያው ጋር ይዘው ጠበቃ ዘንድ ይቅረቡ። ለባለቤቱ የሚጻፈውን ማስጠንቀቂያ ጠበቃው ያዘጋጀው። እርሱ ሰነዶቹን ሳያይ፣ በንዴትም ይሁን በሽማግሌ ግፊት፣ ለባለቤቱ አንዲት አዲስ መልእክት እንኳ እንዳይልኩ፤ በተለይ ሠርጉ ለምን እንደቀረ የሚያስረዳ ከሆነ።