ልጁ መገልበጥ ሲጀምር መጠቅለሉ ይቁም፦ ለገና ሕፃን ይዛችሁ ለምትመጡ

ለገና እና ለጥምቀት የመጀመሪያ ልጃችሁን ለአያት ልታሳዩ የምትመጡ ወገኖቼ፣ ከዚህ ከሱሉልታ መንገድ የምጽፍላችሁ ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስለ መጠቅለያው። በውጭ አገር በአራሶች ክፍል ለረጅም ዓመታት በነርስነት ሠርቻለሁ። አሁን ደግሞ ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ልጃችሁን ይዛችሁ የምታርፉበት አካባቢ ነዋሪ ነኝ። እዚህ የማያቸው ሕፃናት ብዙውን ጊዜ የሦስት እና የአራት ወር ልጆች ናቸው። የወሊድ ፈቃድ ሳያልቅ፣ የመጀመሪያው ክትባት ካለፈ በኋላ ተብሎ ጉዞው የሚያዘው በዚያ ዕድሜ ስለሆነ ነው። ልጅ ለመገልበጥ መሞከር የሚጀምረውም በዚያው ዕድሜ ነው። በዚያ ላይ የታኅሣሥና የጥር ሌሊት ከከተማው ዳር፣ በተለይ ከእንጦጦ ማዶ፣ አጥንት ድረስ ይገባል። ቤቱ ማሞቂያ የለውም፤ አያት ጋቢዋን ይዛ ቆማለች። መጠቅለል መቆም ባለበት ሳምንት መጠቅለል የሚበረታው በዚህ ምክንያት ነው።

መጠቅለልን አልቃወምም። አዲስ የተወለደ ልጅ በጀርባው ሲተኛ በትንሽ ድምፅ ወይም በራሱ እንቅስቃሴ ብርግግ ይላል። ሁለቱ እጆቹ ወደ ጎን ይበተናሉ፣ ከዚያ ራሱን ቀስቅሶ ያለቅሳል። ይህ ሲወለድ ጀምሮ ያለ የሰውነት ምላሽ ነው። እጆቹ በጨርቅ ሲያዙ ብርግግታው አይቀሰቅሰውም፤ ልጁም ይረጋጋል፣ በጀርባው መተኛትም ይለምዳል። ጥቅሙ ይህ ነው፤ ትንሽ ጥቅም አይደለም። በእንቅልፍ ውስጥ የሚከሰተውን ድንገተኛ የሕፃናት ሞት ይከላከላል የሚባለው ግን ማስረጃ የለውም። ብርግግታው ራሱም ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ እየደከመ ይጠፋል። ስለዚህ የመጠቅለል ጥቅም የሚያበቃውና አደጋው የሚጀምረው በአንድ ሰሞን ነው።

እስከዚያ ድረስ ስትጠቀልሉ ስስ የጥጥ ጨርቅ ይሁን። ከላይ ከትከሻው አይለፍ፣ ፊቱ አጠገብ የሚላላ ጫፍ አይኑረው። ደረቱ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ጣታችሁ በጨርቁና በልጁ መካከል መግባት አለበት። ከወገብ በታች ደግሞ እግሮቹን አጥፎ ወደ ጎን መክፈት እንዲችል ሰፋ ብሎ ይተው። እዚህ ላይ ከእናቶቻችን ጋር አንስማማም። «እግሩ ወልጋዳ እንዳይሆን» ተብሎ ሁለቱ እግሮች ቀጥ ተደርገው፣ ጉልበት ለጉልበት ተገጥመው ይታሰራሉ። የጨቅላ እግር ግን በማኅፀን ታጥፎ ስለቆየ ነው ጎበጥ ያለው፤ ልጁ ቆሞ መሄድ ከጀመረ በኋላ በራሱ ጊዜ ይቃናል። በኃይል ሲዘረጋ የሚጎዳው የዳሌው መገጣጠሚያ ነው፤ ገና ለስላሳ የሆነው የጭን አጥንት ራስ ከማረፊያው ሊወጣ ይችላል። ጃፓን በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሕፃናትን እግር ዘርግቶ መጠቅለል እንዲቀር በዘመቻ ስታስተምር የዳሌ መውለቅ በእጅጉ ቀንሷል። ለአያት ይህን ስትነግሩ አንቀልባን አስታውሷት። ልጅ ሲታዘል ጉልበቶቹ ታጥፈው፣ ጭኖቹ ተከፍተው እናቱን ያቅፋል፤ ለዳሌ የሚስማማው አቀማመጥ ያ ነው። እኔ ካየኋቸው አያቶች ይህን ሰምታ ያልተቀበለች የለችም።

አሁን ወደ መገልበጡ። የተጠቀለለ ልጅ በጀርባው እስካለ ድረስ አፍንጫው ክፍት ነው። ተገልብጦ በሆዱ ሲወድቅ ግን ፊቱ ፍራሹ ላይ ያርፋል። እጁ ነፃ የሆነ ልጅ ክንዱን ተደግፎ ራሱን ቀና ያደርጋል ወይም ፊቱን ያዞራል። እጁ የታሰረው የራሱን ትንፋሽ መልሶ ይተነፍሳል። መጠቅለያው እንቅልፉንም ስለሚያከብደው ችግር ሲገጥመው እንደ ሌላው ልጅ ቶሎ አይነቃም፤ በመጀመሪያ ወራት ለእናት እፎይታ የሆነው ያው ነገር እዚህ ይጎዳል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2022 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው መመሪያ ልጁ ለመገልበጥ የመሞከር ምልክት ሲያሳይ መጠቅለል ይቁም ይላል። ልብ በሉ፣ እስኪገለበጥ ድረስ አይልም። ብዙውን ጊዜ ይህ በሦስት ወይም በአራት ወር ነው፤ ከዚያ ቀድሞ በሁለት ወሩ የሚሞክርም አለ። ስለዚህ የቀን መቁጠሪያ ሳይሆን ልጁን ተመልከቱ።

ምልክቱ ምን እንደሚመስል በቅርብ ያየሁትን ልንገራችሁ። የእህቴ ልጅ ሦስት ወር ተኩል የሆነውን ልጇን ይዛ ከአሜሪካ መጣች። ሲወለድ ጀምሮ ሌሊት ሌሊት የሚተኛው በሚጣበቀው መጠቅለያ ነው። በመጡ ማግስት ሳሎን ምንጣፍ ላይ በጀርባው አስተኝተነው ቡና ይፈላል። ልጁ ሁለቱን እግሮቹን አንድ ላይ ወደ ላይ ያነሳና ወደ ቀኝ ይጥላቸዋል። ዳሌው አብሮ ይዞራል፣ ትከሻው ግን ምንጣፉ ላይ ይቀራል። ትንሽ ቆይቶ ይደግመዋል። በሆዱ ስናደርገው ደግሞ በክንዶቹ ተደግፎ ደረቱን ያነሳል። እናቱ «ገና አልተገለበጠም እኮ አክስቴ፣ ሲገለበጥ አቆማለሁ» አለችኝ። ትከሻው ዳሌውን የሚከተልበት ቀን ግን አይታወቅም። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሁላችንም ተኝተን ሳለ ሊሆን ይችላል። መጠቅለያው የቀረው በዚያው ማታ ነው።

ገና ምንም ምልክት ያላሳየ ልጅ ከሆነ ቀስ በቀስ ማስለመድ ይቻላል፤ ለጥቂት ሌሊት አንድ እጁን ውጭ ታደርጋላችሁ፣ ከዚያ ሁለቱንም። ምልክት ካሳየ በኋላ ግን ሁለቱም እጆች በአንድ ሌሊት ይፈታሉ። የእኛው ልጅ የመጀመሪያውን ሌሊት ደጋግሞ ነቃ። እጆቹ ሲበተኑ ይደነግጣል፣ ፊቱን ይቧጭራል። እናቱ አላነሳችውም፤ መዳፏን ደረቱ ላይ አድርጋ ትንሽ ትቆያለች፣ ካልበቃው ታጠባዋለች፣ መልሳ በጀርባው ታስተኛዋለች። ጥፍሩን ቆረጥንለት። በሦስተኛው ሌሊት ጣቶቹን አፉ ውስጥ ከቶ ራሱን ማባበል ጀመረ፤ ሳምንት ሳይሞላ እንቅልፉ ወደ ቀድሞው ተመለሰ። አንዳንድ ልጅ ሁለት ሳምንት ይፈጅበታል። በአራት ወር አካባቢ የእንቅልፍ ሥርዓቱ ራሱ ስለሚለወጥ መነቃቱ ሁሉ በመጠቅለያው መቅረት እንዳይመስላችሁ፤ «ሳይጠቀለል አይተኛም» ብላችሁ ወደ ኋላ አትመለሱ። ክብደት የተጨመረባቸው መጠቅለያዎች ይሸጣሉ፤ እነሱንም አትግዙ፣ ያው አካዳሚ በግልጽ ከልክሏቸዋል።

የሚቀረው ብርዱ ነው። አያትም ልክ ናት፣ ይበርዳል። በዚያ ሰሞን የተኙበት ክፍል እኩለ ሌሊት ላይ 16 ዲግሪ ነበር። መልሱ በልብስ ነው፦ ረጅም እጅጌ ያለው የጥጥ ካናቴራ ከውስጥ፣ ከላይ እግሩ የተሸፈነ ሙሉ የሌሊት ልብስ፣ ከዚያ እጁን ነፃ የሚተው የመኝታ ከረጢት፣ እናንተ ስሊፕ ሳክ የምትሉት። ለ16 ዲግሪ ላለ ክፍል ሙቀት የመያዝ አቅሙ 2.5 ቶግ የሚል የተጻፈበት ይሆናል። ከመምጣታችሁ በፊት በልኩ ግዙ። አንገቱ ሰፊ ከሆነ ጭንቅላቱ ወደ ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ «ያድግበታል» ተብሎ አይገዛም። አልጋውን ለማሞቅ የሞቀ ውኃ ያለበት ላስቲክ ቀድማችሁ ብታስገቡ ጥሩ ነው፤ ልጁን ከማስተኛታችሁ በፊት ግን አውጡት። ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ አይቀመጥ፤ ጢሱ ባይታይም ጋዙ ቤተሰቡን በሙሉ ይገድላል።

ጋቢ ግን ልጁ አጠገብ አይደር። ጋቢ አራት ድርብ ጥጥ ነው፤ አንዴ ስታጥፉት ስምንት ይሆናል። ከመጠን በላይ መሞቅ ለሕፃን ከብርድ የማያንስ አደጋ ነው። እናቴ ሌሊት ተነስታ የልጁን እጅ ነክታ «በረዶ ሆኗል እኮ! ልጄ ብርድ መታው» ስትል የእናትየው ልብ ይሸበራል። የሕፃን እጅና እግር ሁልጊዜ ቀዝቀዝ ይላል፤ በእነሱ አይለካም። ጣታችሁን ከአንገቱ ኋላ ወይም ከደረቱ ላይ አድርጉ። ሞቅ ያለና ደረቅ ከሆነ በቂ ነው። ላብ ካለው፣ ፀጉሩ ከረጠበ፣ ጉንጩ ከቀላ አንድ ልብስ ይቀነስ። የእናቴንም እጅ ይዤ አንገቱ ላይ አድርጌ አሳየኋት፤ ከዚያ በኋላ አንገቱን ስትነካ እንጂ ጋቢ ስታመጣ አላየኋትም።

ተጣጣፊ የሕፃን አልጋ ይዛችሁ ብትመጡ እመክራለሁ፤ እዚህ ያለው ስፖንጅ ፍራሽ ለስላሳ ነው፣ ፊት ይሰምጥበታል። አልጋ ጠፍቶ ከእናትና አባት ጋር የሚተኛ ልጅ በአንድ ወር ዕድሜውም ቢሆን አይጠቀለል፤ ብርድ ልብስ ፊቱን ቢሸፍነው በምን እጁ ይገፋዋል?

መጠቅለያው ከቀረ በኋላም ሁልጊዜ በጀርባው አስተኙት። ሌሊት በሆዱ ተገልብጦ ብታገኙትና ከጀርባ ወደ ሆድም፣ ከሆድ ወደ ጀርባም በራሱ መገልበጥ የሚችል ከሆነ ተዉት፤ ከጀርባ ወደ ሆድ ብቻ ከሆነ ቀስ አድርጋችሁ መልሱት። ቀን ቀን ነቅቶ ሳለ፣ ሰው እያየው፣ ምንጣፍ ላይ በሆዱ ይጫወት፤ ክንዱ የሚጠነክረው በዚያ ነው። ስትመለሱ በአውሮፕላኑ የሕፃን አልጋ ላይም ያው ሕግ ይሠራል፤ አስተናጋጇ የምትሰጣችሁን ብርድ ልብስ ለራሳችሁ ልበሱት፣ ልጁ በራሱ ከረጢት ይተኛ።