ደረሰኙ ነጭ ወረቀት ሳይሆን

ዱባይ፣ ዴራ ውስጥ ሱቅ ከፍቼ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ከጅማ የመጡ ልጆች መጀመሪያ የሚጠይቁት እኔን ነው። በትህትና መመለስ ትቻለሁ። ስትሳሳቱ ብዙ አይቻለሁና ዛሬም ወደ አገር ቤት ገንዘብ ስለመላክና ስለ ደረሰኙ በግልጽ ነው የምናገረው።

1. ፓስፖርት

ፓስፖርታችሁ ሊያልቅ ስድስት ወር ሲቀረው አሳድሱ። በዚህ ላይ ሌላ የምለው የለኝም።

2. የምትልኩበት ደረሰኝ

ኤክስቼንጅ ቤት ገንዘብ ስትልኩ የሚሰጣችሁ ደረሰኝ ብዙውን ጊዜ በቀለም የተጻፈ አይደለም። ወረቀቱ ራሱ ሙቀት ሲነካው የሚጠቁር ነገር ተቀብቶበታል። ማተሚያው በሙቀት ነው የሚጽፈው። ስለዚህ ፀሐይ ሲያገኘው ይደበዝዛል፤ ላስቲክ ውስጥ ሲቀመጥ ወይም ቅባት ሲነካው ጽሑፉ ይጠፋል። ነሐሴ ላይ ዱባይ መኪና ውስጥ ብትተዉት ደግሞ ሙሉ በሙሉ ሊጠቁርባችሁ ይችላል። እናንተ ግን አጥፋችሁ ቦርሳችሁ ውስጥ ትከቱትና “አስቀምጬዋለሁ” ትላላችሁ። ያስቀመጣችሁት ባዶ ወረቀት ነው።

ከመስኮቱ ሳትርቁ ፎቶ አንሱት። መጀመሪያ ግን አንብቡት። የተቀባዩ ስም መታወቂያው ላይ እንዳለው መሆኑን እዩ። ከድጃ በእንግሊዝኛ ፊደል በሦስት ዓይነት ይጻፋል፣ ጀማልም እንደዚያው። አንድ ፊደል ቢለወጥ እናታችሁ ባንክ ቤት ቆማ ውላ ባዶ እጇን ልትመለስ ትችላለች። ከዚያ ደረሰኙን ጠቆር ያለ ነገር ላይ ዘርጉ። ፍላሽ አታብሩ፣ ወረቀቱ ያንጸባርቅና ቁጥሩን ይበላዋል። አራቱም ማዕዘን ይግባ። ካነሳችሁ በኋላ አጉሉና የመላኪያ ቁጥሩን፣ ስሙን፣ የድርሃሙን መጠን፣ ምንዛሪውንና የብሩን መጠን አንድ በአንድ አንብቡ። አንዱ ካልተነበበ ድገሙት።

ፎቶው ስልካችሁ ላይ ብቻ ከቀረ ስልኩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ቴሌግራም ላይ Saved Messages ውስጥ እንደ ፋይል አስገቡት። እንደ ተራ ፎቶ ከላካችሁት ጥራቱ ይቀንሳል፣ ትንንሾቹ ቁጥሮች አይነበቡም። የመላኪያ ቁጥሩን ደግሞ ለሚቀበለው ሰው ብቻ ስጡ። አክስት፣ አጎትና የአጎት ልጅ ባሉበት የቤተሰብ ግሩፕ ላይ አትለጥፉት።

3. ድርሃም የሚቆጥር ወንድምና ብር የሚቆጥር ወንድም

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ።

ከሱቄ ሁለት ሱቅ አልፎ አባያና ጫማ የሚሸጥ የጅማ ልጅ አለ። ስሙን አልጠራም። እናቱ ቆጪ ነው የሚኖሩት። ታናሽ ወንድሙ ወደ ጅሬን በሚወጣው መንገድ ላይ ለእናታቸው ቤት እያሠራ ነበር። ልጁ ከሜይ እስከ ዲሴምበር 2024 ድረስ በየወሩ 1,500 ድርሃም ላከ። ስምንት ጊዜ ማለት ነው፣ 12,000 ድርሃም።

ዲሴምበር መጨረሻ ላይ ወንድሙን በስልክ ሒሳብ ጠየቀው። ወንድሙ “አብሽር፣ እስካሁን የደረሰኝ 305 ሺህ ብር ገደማ ነው፣ ሁሉም ቤቱ ላይ ነው” አለው። ልጁ ካልኩሌተር አወጣ። በዚያ ሰሞን አንድ ድርሃም 34 ብር ነበር። 12,000ን በ34 ሲያባዛ 408,000 መጣለት። ከመቶ ሺህ በላይ ብር የለም! ሱቄ ድረስ እየተንቀጠቀጠ መጣ። “ጋሼ፣ ወንድሜ በላኝ። ክረምቱን ሙሉ ጣራ ሳይመታ ግድግዳው ሲዘንብበት የከረመው ለካ ለዚህ ነው” አለኝ። ለእናቱ ሊደውል ነበር።

“ደረሰኞችህ የት አሉ?” አልኩት።

ዕድሉ ሆኖ ከዓመት በፊት አንድ ደረሰኝ ጠፍቶበት፣ የላከው ሳይደርስ ሦስት ሳምንት የተንከራተተበት ጊዜ ነበር። ያኔ ተቆጥቼ ፎቶ እንዲያነሳ አድርጌዋለሁ። ስምንቱም ስልኩ ውስጥ ነበሩ፤ አንድም ቀን ግን መልሶ አላያቸውም። ደብተር አወጣሁና እሱ እያነበበ እኔ ጻፍኩ።

የሜይ፣ የጁንና የጁላይ ደረሰኞች ላይ ምንዛሪው 15 ብር ከ50 ነበር። ሦስቱ ተደምረው 4,500 ድርሃም፣ 69,750 ብር ይሆናሉ። ከዚያ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብሩን ምንዛሪ ለገበያ ለቀቀው። በፈረንጆቹ ጁላይ 29 መሆኑ ነው። ድርሃም ከዶላር ጋር በ3.6725 የታሰረ ስለሆነ ዶላር ሲወጣ ድርሃምም አብሮት ወጣ። የኦገስቱ ደረሰኝ 28 ይላል። ቀጥሎ 30፣ 32፣ 33፣ መጨረሻ ላይ 34። አምስቱ ሲደመሩ 235,500 ብር። ጠቅላላው 305,250 ብር ሆነ።

ወንድሙ የነገረው በትክክል ይህንኑ ነበር። አንድ ብር አልጎደለም። ጠፋ የተባለው 102,750 ብር ጅማ የሚባል አገር ደርሶ አያውቅም። ልጁ ድሮ የላከውን በዛሬ ምንዛሪ ስላባዛው ነው የመጣው።

ጣራውም የዘገየበት ምክንያት ነበረው። ሜይ 3፣ ጁን 3 እና ጁላይ 3 የላከው በኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 25፣ ግንቦት 26 እና ሰኔ 26 ነው። ወንድሙ ሐምሌ መጀመሪያ ላይ “የሐምሌው አልደረሰም፣ ቆርቆሮ መግዛት አለብኝ” ብሎት ነበር። ልጁ ደግሞ “የጁላዩን ልኬያለሁ” ብሎ ስልኩን ዘጋበት። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። አንዱ በፈረንጅ ወር ይቆጥራል፣ ሌላው በኛ። ቆርቆሮው ሳይገዛ ሐምሌ 22 ደረሰና ዋጋው ተሰቀለ። የጅማን ዝናብ ደግሞ ታውቁታላችሁ።

ይኸውላችሁ፣ እናንተ ድርሃም፣ ሪያል፣ ራንድ ትቆጥራላችሁ። ቤተሰብ ብር ይቆጥራል። ሁለቱ ቁጥሮች በአንድ ቀን፣ ከነምንዛሪያቸው ጎን ለጎን ተጽፈው የሚገኙት ያ ትንሽ ደረሰኝ ላይ ነው። ከጠፋ እናንተም የምታሳዩት የላችሁም፣ እነሱም ራሳቸውን ነጻ የሚያወጡበት የላቸውም። “ኧረ እኔ በሞባይል ነው የምልከው” የምትሉም አላችሁ። መልካም፣ ስክሪኑን አንሱት፤ ነገሩ ያው ነው።

ልጁ ከዚያን ቀን ወዲህ እንዲህ ያደርጋል። ፎቶ ከማንሳቱ በፊት ደረሰኙ ግርጌ ላይ በእስክሪብቶ የሐበሻውን ቀንና የላከበትን ምክንያት ይጽፋል፤ “ሰኔ 26፣ ለቆርቆሮ” ብሎ። ቤቱና የእናቱ ቀለብ በአንድ ላይ ከሆኑ ለየብቻ ይጽፈዋል፤ “ከዚህ ውስጥ 8 ሺህ ብር ለእማዬ” ይላል። ወንድሙ ደግሞ ብሩ ሲገባ የባንኩን መልእክት ወይም ደረሰኝ አንስቶ ይልክለታል። ሁለቱን ፎቶ አንድ ላይ ያስቀምጣል። የተላከ ኖሮ የደረሰ ከሌለ በዚያው ሳምንት ያውቃል፤ ቁጥሩን ይዞ ወደ መስኮቱ ይመለሳል። ወር ሲያልቅ ድርሃሙንም ብሩንም በደረሰኙ ምንዛሪ ደብተር ላይ ያሰፍራል። በዛሬ ምንዛሪ አያባዛም።

ይህን ሁሉ ለምን በቁጣ እንደምነግራችሁ ልንገራችሁ።

እኔም ወንድም ነበረኝ። ታላቄ ነው። ስድስት ዓመት ስልክለት ኖሬ፣ ጅማ ስገባ አንድ ክፍል ቤትና አጥር ብቻ አገኘሁ። “ገንዘቤን አምጣ” አልኩት፣ በሰው ፊት። ሽማግሌ ተቀመጠ። እሱ ደብተር ይዞ መጣ። እኔ የብስኩት ቆርቆሮዬን ከፈትኩ፤ ስድስት ዓመት ያጠራቀምኩት ደረሰኝ ነበር። አንድ ሽማግሌ አንዱን አነሱና ወደ መስኮቱ አዙረው አዩት። ሌላ አነሱ። “ልጄ፣ ይሄ ምንም አልተጻፈበትም እኮ” አሉኝ። ነጭ ነበሩ። እኔ ግን ዝም አላልኩም። ወረቀት ባይኖርም የላክሁትን አውቃለሁ ብዬ በቃሌ አንድ ድምር ጠራሁ። የዚያን ቀን የነበረውን ምንዛሪ አባዝቼ ነው የጠራሁት፣ ልክ እንደዚህ ልጅ። ብሩ ደግሞ በ2002 መጨረሻ በአንድ ጊዜ ወርዶ ነበር፤ ይህን ልብ አላልኩም። ወንድሜ ደብተሩን አጥፎ “እንግዲህ አላህ ያውቃል” ብሎ ወጣ።

ከዚያ ወዲህ አልተነጋገርንም። ሲታመም አልነገሩኝም። ከቀብሩ በኋላ ነው የደረስኩት። ሚስቱ ደብተሩን ሰጠችኝ። በየገጹ ቀን፣ የብሩ መጠን፣ የተገዛው ነገር። ድንጋይ፣ አሸዋ፣ ሚስማር በኪሎ። በመሀል “ለእማዬ ሐኪም” የሚል በብዙ ቦታ አለ፤ ማንም አልነገረኝም ነበር፣ እንዳልጨነቅ ብለው። ከእኔ ደረሰኞች ጋር ላመሳክረው ፈለግሁ። በምን ላመሳክረው?

4. ፎቶው የማያደርገው

ፎቶው ብሩ መላኩንና መድረሱን ነው የሚያሳየው። በምን እንደዋለ አያሳይም። የሲሚንቶና የብረት ደረሰኝ ከፈለጋችሁ ከመጀመሪያው ቀን ተስማሙ እንጂ ከዓመት በኋላ እንደ ፖሊስ አትጠይቁ። ለእናታችሁ ቀለብ ግን ደረሰኝ አትጠይቁ፣ ነውር ነው። ምንዛሪው ይሻላል ብላችሁ በጥቁር ገበያ የምትልኩም፣ ብሩ ሲቀር በእጃችሁ ያለው የአንድ ሰው ስልክ ቁጥር ብቻ ነው። እሱንም ያጠፋዋል።

ልጁ ትናንት ከኤክስቼንጅ ቤት ሲመለስ ሱቄ ገባ። ደረሰኙን ጥቁር አባያ ላይ ዘረጋው። እስክሪብቶ ለመነኝ። “ለእማዬ ዓይን፣ መነጽሩንም ጨምሮ” ብሎ ጻፈበት። አነሳው፣ አጉልቶ አነበበው፣ ላከው። ደንበኛ ይጠብቀው ስለነበር እስክሪብቶዬን ይዞብኝ ሄደ።