ለጀማሪ የኮንክሪት ላቦራቶሪ ባለሙያዎች፦ ስለ አንድ የኪዩብ መዝገብ

በደሴና በኮምቦልቻ የግንባታ ዕቃ መፈተሻ ላቦራቶሪዎች ሥራ የጀመራችሁ ወጣቶች ሆይ፣ የኪዩብ ፍተሻ ከሁሉ ቀላሉ ሥራ ነው ሲባል ሳትሰሙ አልቀራችሁም። ኪዩቡን ማሽኑ ላይ ማስቀመጥና ቁጥሩን ማንበብ በእርግጥም ቀላል ነው፤ የሚከብደው ያ ቁጥር ከየትኛው ኮንክሪት እንደመጣና በምን ሁኔታ እንደተገኘ፣ በቦታው ያልነበረ ሰው ከዓመታት በኋላ ከመዝገቡ ብቻ ሊያረጋግጠው እንዲችል አድርጎ መጻፍ ነው። ይህን በጥቅሉ ከመናገር ይልቅ የሦስት ኪዩቦችን መዝገብ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አብረን ብንከተል ይሻላል።

ኪዩቦቹ ኮምቦልቻ ከሚሠራ ሕንፃ ተወስደው፣ በእርጥብ ጆንያ ተጠቅልለው፣ የዶሮ መዝለያን ዳገት በፒክአፕ ወጥተው ደሴ ላቦራቶሪ ደረሱ እንበል። ጎናቸው 150 ሚሊሜትር ነው፤ የሚጠበቅባቸው ጥንካሬ ደግሞ በቆየው አጠራር ሲ-25፣ ማለትም በ28 ቀን 25 ሜጋፓስካል ነው። በሦስቱም ላይ «ኮለን 2ኛ ፎቅ» ተብሎ ተጽፏል። ይህ የሳይቱ ምልክት እንጂ መለያ አይደለም፤ በሚቀጥለው ሳምንት የሚመጡት ኪዩቦችም ይህንኑ ይዘው ሊመጡ ይችላሉ፣ የሌላ ተቋራጭ ኪዩቦችም እንዲሁ። ስለዚህ ምልክቱን እንደተጻፈ ወደ መዝገቡ ትገለብጡና፣ ገና ከተረከባችሁበት ጠረጴዛ ሳይነሡ 214/16-ሀ፣ 214/16-ለ እና 214/16-ሐ የሚል ለሌላ ናሙና ፈጽሞ የማይሰጥ ቁጥር ትሰጧቸዋላችሁ። ቁጥሩ ውኃ ውስጥ በማይለቅ ቀለም፣ በማለስለሻ የተስተካከለው ፊት ላይ ይጻፍ፤ ይህ ፊት የማሽኑ ብረት የማያርፍበት ስለሆነ ከተሰበረም በኋላ ቁጥሩ የመነበብ ዕድል አለው። ውጤቱ ታይቶ እስኪፈረም ድረስ ቁጥሩን የያዘውን ስባሪ አትጣሉ።

ቀጥሎ ያለው ቀን ነው፤ እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ እናገራለሁ፣ ምክንያቱም ችግሩ በውጭ መጽሐፍ ውስጥ አይገኝም። ኪዩቦቹ የተሞሉት ነሐሴ 25 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። ወር ሁሉ 30 ቀን ነው ብሎ በችኮላ የሚቆጥር ሰው የፍተሻውን ቀን መስከረም 23 ያደርገዋል፤ የዘነጋት ግን ጳጉሜን ነው። በዚያ ዓመት ጳጉሜ 5 ቀን ስለነበረች ትክክለኛው ቀን የመስቀል ማግስት፣ መስከረም 18 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። ሰውየው መስከረም 23 ቀን ቢፈትን የ33 ቀን ኮንክሪት ሰብሮ «28 ቀን» ብሎ ይጽፋል፤ ኮንክሪቱም በእነዚያ ቀናት መጠንከሩን ስለማያቆም ውጤቱ ሳይገባው ከፍ ይላል። ማጣሪያው ቀላል ነው፤ 28 ቀን ልክ አራት ሳምንት ስለሆነ የተሞላበትና የሚሰበርበት ዕለት አንድ መሆን አለበት፣ የእኛዎቹም ሁለቱም ቅዳሜ ናቸው። የማሽኑ የካሊብሬሽን ሰርተፍኬት በፈረንጆች አቆጣጠር ሊመጣ ስለሚችል፣ በቅጹ ላይ ከእያንዳንዱ ቀን አጠገብ የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ይጻፍ። ሰዓትም ቢሆን «2 ሰዓት» ብቻ ተብሎ አይተው፤ ጠዋት ወይም ማታ መባል አለበት።

አሁን ኪዩቦቹ ውኃ ውስጥ ናቸው። የውኃው ሙቀት 20 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ቢበዛ 2 ዲግሪ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች እንዲሆን የምንሠራበት ደረጃ ያዝዛል፤ የደሴ ክረምት ግን ይህን አያውቅም። መብራት ጠፍቶ የገንዳው ማሞቂያ ቆመና ውኃው ቀዘቀዘ። በብዙ ቅጾች ላይ በእንዲህ ያለ ጊዜ የማየው «ሙቀቱ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነበር» የሚል ነው፤ ይህ ለማንም የማይጠቅም ዓረፍተ ነገር ነው። ሊጻፍ የሚገባው እንዲህ ነው፦ «ከጳጉሜ 2 ማታ 1 ሰዓት እስከ ጳጉሜ 4 ጠዋት 2 ሰዓት፣ በመብራት መጥፋት ምክንያት፣ የገንዳ 1 ውኃ በቴርሞሜትር ቁ. 3 ሲለካ እስከ 15 ዲግሪ ወርዷል፤ በገንዳው የነበሩት ናሙናዎች 214/16 ሀ፣ ለ፣ ሐ፤ ለደንበኛው በዕለቱ ተነግሯል።» ከዚያ የጻፈው ሰው ፊርማ። መዛባቱ መቼ ተጀምሮ መቼ አበቃ፣ ምን ያህል ነበር፣ በምን ተለካ፣ የትኞቹን ናሙናዎች ነካ፣ ለማን ተነገረ፤ ይህ ሁሉ በሁለት መስመር ገብቷል። ቅዝቃዜ የሲሚንቶውን መጠንከር እንደሚያዘገይ ስለሚታወቅ፣ ሪፖርቱን የሚያነበው መሐንዲስም መዛባቱ ውጤቱን ወደየት እንደሚገፋው ይገባዋል።

የመስበሪያው ቀን ሲደርስ እያንዳንዱ ኪዩብ መጀመሪያ ይለካል፣ ይመዘናል። ሀ 8.09፣ ለ 8.11፣ ሐ ደግሞ 7.74 ኪሎግራም ሆኑ። ጭነቱ በሰከንድ 13.5 ኪሎኒውተን ገደማ እየጨመረ ሄዶ ሀ በ571፣ ለ በ583፣ ሐ በ462 ኪሎኒውተን ተሰበሩ። የፊቱ ስፋት 22,500 ካሬ ሚሊሜትር ስለሆነ ጥንካሬያቸው በቅደም ተከተል 25.4፣ 25.9 እና 20.5 ሜጋፓስካል ነው።

ሐ ለምን ወደቀ? የውኃው ቅዝቃዜ ነው እንዳይባል፣ ሦስቱም በአንድ ገንዳ እንደነበሩ ከላይ ያለው ማስታወሻ ይመሰክራል። በችኮላ ተጭኖ ነው እንዳይባል ፍጥነቱ ተመዝግቧል፤ ደግሞም ፈጥኖ መጫን ውጤቱን ከፍ ያደርገዋል እንጂ አይጥለውም። አሰባበሩም አራቱም ጎኖች እኩል የተሰነጠቁበት ደኅና አሰባበር እንደነበር በቅጹ ላይ ተጽፏል፤ ስለዚህ ኪዩቡ ጠምሞ ወይም ማሽኑ ላይ ተዛብቶ ተቀምጦ ነው ለማለት አይቻልም። የሚቀረው ክብደቱ ነው። የሀ እና የለ እፍጋት በሜትር ኩብ 2,400 ኪሎግራም ገደማ ሲሆን የሐ 2,293 ብቻ ነው፤ ወደ 4.5 በመቶ የሚጠጋ ባዶ ቦታ ውስጡ አለ ማለት ነው። እያንዳንዱ አንድ በመቶ ባዶ ቦታ ከጥንካሬው አምስት በመቶ ያህል እንደሚቀንስ በሙያው የታወቀ ስለሆነ፣ የ20 በመቶው መውረድ ከዚህ ጋር ይገጥማል። ሐ ሲሞላ በደንብ አልተጠቀጠቀም ብሎ ለመጠርጠር በቂ ማስረጃ አለ። ክብደቱ ሳይመዘን ቀርቶ ቢሆን ኖሮ ግን የሚቀረን ባዶ ክርክር ነበር።

ይህን ያወቀ ወጣት ሐን ሰርዞ የሁለቱን አማካይ ብቻ ማውጣት ያምረዋል። አይደረግም። ኪዩቡ ባዶ ቦታ ካለው፣ ኮለኑም በዚያው ቫይብሬተር ተሞልቶ ከሆነ እሱም ሊኖረው ይችላል፤ ይህን የሚወስነው አማካሪ መሐንዲሱ ነው። ሦስቱም ውጤቶች ከነእፍጋታቸው በሪፖርቱ ይወጣሉ፣ የገንዳው መዛባትም አብሮ ይገለጻል፣ ግምታችሁም «አስተያየት» ተብሎ ከውጤቱ ተለይቶ ይጻፋል።

በመዝገቡ ላይ ቁጥር ስታርሙ የቀድሞው እንዲነበብ በአንድ መስመር ሰርዛችሁ፣ አዲሱን አጠገቡ ጽፋችሁ፣ ቀንና ፊርማ አኑሩ፤ አይኤስኦ/አይኢሲ 17025 የሚጠይቀውም የቀድሞውና የታረመው አብረው እንዲቆዩ ነው። የቆሸሸውን ቅጽ በንጹሕ ወረቀት ገልብጦ ዋናውን መጣል መዝገቡን ማጥፋት ነው፤ የሲሚንቶ ጭቃ የነካው ወረቀት ይቀመጥ። የማሽኑና የሚዛኑ መለያ ቁጥርም በዚያው ቅጽ ላይ ይኑር፤ በሚቀጥለው ካሊብሬሽን ማሽኑ አብዝቶ ያነብ እንደነበር ቢታወቅ፣ የትኞቹን ደንበኞች መጥራት እንዳለባችሁ የምታውቁት በዚያ ቁጥር ብቻ ነው።

መሐንዲሱ ኮለኑ ላይ ኮር ተቆርጦ እንዲፈተን ካዘዘ፣ የሚመጣው ናሙና አዲስ የራሱን ቁጥር ያገኛል፤ «ተያያዥ መዝገብ» በሚለው መስመር ላይ ደግሞ 214/16-ሐ ተብሎ ይጻፋል።