«ቢያፈርስ» ማን? ውል ላይ ባለቤታቸው የጠፋ ግሶች

«ቤት ልገዛ ብር 200,000 ቀብድ ከፍያለሁ። ውሉ ላይ ‹ቀሪው ክፍያ በ30 ቀን ሳይፈጸም ውሉን ቢያፈርስ የተቀበለውን ገንዘብ ይመልሳል› ይላል። አሁን ባልገዛውስ ብዬ ሳስብ፣ ሻጩ አንተ ካፈረስክ ምንም አልመልስም አለኝ። ማናችን ነን ልክ?»

ወንድሜ፣ እስክሪብቶ አንሳና እያንዳንዱ ግስ ላይ «ማን?» ብለህ ጻፍበት። «ሳይፈጸም» ላይ ማንም የለም፤ ክፍያው ራሱ እንደማይፈጸም ሆኖ ነው የተጻፈው። «የተቀበለውን» ላይ ሻጭ አለ፣ ምክንያቱም ገንዘብ የተቀበለው እሱ ብቻ ነው። ስለዚህ «ይመልሳል»ም ሻጭ ነው። ችግሩ መሃል ላይ ያለው «ቢያፈርስ» ነው። ባለቤት የለውም። አጠገቡ ያለው ሐረግ ስለ ክፍያ ስለሚያወራ፣ ክፍያ ደግሞ የገዥ ሥራ ስለሆነ፣ አንተ «ገዥ ቢያፈርስ» ብለህ አነበብከው። ሻጩ ደግሞ የሚመልሰው እኔ ከሆንኩ የሚያፈርሰውም እኔ ነኝ፣ አንተ ስታፈርስ አይመለከተኝም እያለህ ነው።

እውነቱን ልንገርህ፣ እኔ ሳነበው ወደ ሻጩ ያደላብኛል። በአማርኛ ባለቤቱ መቀየሩ ካልተነገረ አንባቢ የተከታተሉ ግሶችን ለአንድ ሰው ነው የሚሰጠው። ግን ይህ የማንበብ ልማድ እንጂ የተጻፈ ስምምነት አይደለም።

ልዩነቱ በብር ሲታይ ትልቅ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1885 ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ካፈረሰ ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለው ካፈረሰ ደግሞ እጥፍ ይመልሳል ይላል። አንተ ካፈረስክ 200,000ው ቀረብህ፤ ሻጩ ካፈረሰ 400,000 ያመጣል ማለት ነው። የእናንተ ዐረፍተ ነገር በአንተ አነባበብ አንተ ብታፈርስም ገንዘብህ ይመለሳል። በሻጩ አነባበብ ደግሞ እሱ ሲያፈርስ የሚመልሰው የተቀበለውን 200,000 ብቻ ነው፣ እጥፉ ቀረ። በሁለቱም በኩል «ሌላ ስምምነት አለን» የሚል ክርክር ከፍታችኋል፤ ሁለታችሁም እንደዚያ አስባችሁ እንዳልጻፋችሁት ግን እገምታለሁ።

ጥገናው አንዱን ዐረፍተ ነገር መበተን ነው። እንዲህ፦

«ገዥ ቀሪውን ክፍያ ይህ ውል ከተፈረመበት ቀን ጀምሮ በ30 ቀን ውስጥ ለሻጭ ይከፍላል። ገዥ ውሉን ቢያፈርስ የከፈለው ቀብድ ለሻጭ ይቀራል። ሻጭ ውሉን ቢያፈርስ ለገዥ ብር 400,000 ይከፍላል።»

እጥፍ አንፈልግም ካላችሁ ቁጥሩን ቀይሩት። ግሱ ግን ያለ ባለቤት እንዳይቀር። «ሳይፈጸም»ም ወጥቶ «ገዥ ይከፍላል» እንደሆነ አስተውል፤ «ይደረጋል፣ ይፈጸማል፣ ይመለሳል» የሚሉ ግሶች ግዴታው የማን እንደሆነ ይደብቃሉ።

«ተከራይ ነኝ። ውሌ ‹በተከራይ የተሰበሩ በር፣ መስኮትና የውሃ ቧንቧ በተከራይ ወጪ ይጠገናሉ› ይላል። ቧንቧው ዝጎ ነው የፈሰሰው፣ እኔ አልነካሁትም። አከራዬ ግን ‹ቧንቧ ተብሎ ተጽፏል› ትለኛለች።»

እህቴ፣ እዚህ ጋ የሚያጣላችሁ «በተከራይ የተሰበሩ» የሚለው ገላጭ እስከ የት ይደርሳል የሚለው ነው። በአማርኛ ገላጭ ከስሙ በፊት ይመጣል፤ ከኋላው ሦስት ስም ሲደረደር በሩ ላይ ቆመ ወይስ እስከ ቧንቧው ሄደ የሚለው ክፍት ይሆናል። አንቺን የሚረዳሽ አንድ ፊደል አለ። «የተሰበረ በር» ሳይሆን «የተሰበሩ» ነው የሚለው፣ ብዙ ቁጥር ነው፣ ስለዚህ ሦስቱንም ይይዛል ብለሽ መከራከር ትችያለሽ። እኔም እንደዚያ ነው የማነበው። «የተሰበረ በር፣ መስኮትና ቧንቧ» ቢል ኖሮ ነገሩ ይከብድሽ ነበር።

ስታሳድሱ ግን በአንድ ፊደል ላይ አትተማመኚ። ገላጩን ወደ ሁኔታ ቀይሩት፦ «ተከራይ በርን፣ መስኮትን ወይም የውሃ ቧንቧን ቢሰብር ተከራይ በራሱ ወጪ ያስጠግናል። በእርጅና ወይም በዝገት የተበላሸውን አከራይ በራሱ ወጪ ያስጠግናል።» ሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ነው ከቧንቧው ጭቅጭቅ የሚያወጣሽ።

«አባቴ ቤት ሲሸጡ ውሉ ላይ ‹አቶ እገሌ ከገዥ ጋር ቀርበው ውሉን ያጸድቃሉ፤ የአገልግሎት ክፍያውንም ይከፍላሉ› ተብሎ ተጻፈ። ክፍያው የሁለቱም ነው ወይስ የአባቴ?»

አይታወቅም። «ይከፍላሉ» ለአንቱታም ለብዙ ሰውም ያው ነው፤ ከፊቱ ደግሞ ሁለት ሰው አለ። ለትልቅ ሰው «ይከፍላል» ብሎ መጻፍ ይከብደናል፣ ይገባኛል፣ እኔም ይከብደኛል። መፍትሔው ስምን መጀመሪያ ላይ በሙሉ አክብሮት መጻፍና «ከዚህ በኋላ ሻጭ እየተባሉ የሚጠሩ» ብሎ ማሰር ነው። ከዚያ ወዲያ «ሻጭ ይከፍላል» ሲባል አባትህ አልተደፈሩም፤ «ሻጭ» የውል ላይ መጠሪያ ነው። ሁለቱም የሚከፍሉ ከሆነ «ሻጭና ገዥ እኩል እኩል ይከፍላሉ» ይባል።

«‹ተከራይ ቤቱን ሲለቅ አከራይ ንብረቱን ይረከባል፤ ይህ ካልሆነ ብር 5,000 ይከፍላል› የሚል አለን። ምን ይስተካከል? ‹ተከራይ፣ ተከራይ› እያሉ መደጋገምስ አያስጠላም?»

እዚህ ሦስት ነገር አለ። «ንብረቱ» የሚለው ላይ ያለችው «-ኡ» ሁለት ሥራ አላት፤ «ያ ንብረት» ማለትም ትሆናለች፣ «የእሱ ንብረት» ማለትም። የእሱ ከተባለ ደግሞ የአከራይ ነው ወይስ የተከራይ? ተከራይ ጥሎት የሄደው ፍሪጅ ይገባል? «ይህ ካልሆነ» ደግሞ ተከራይ ካልለቀቀ ነው ወይስ አከራይ ካልተረከበ? የሚከፍለውስ?

«ተከራይ ቤቱን ሲለቅ በዝርዝሩ የተመዘገቡትን የአከራይ ዕቃዎች ለአከራይ ያስረክባል። ተከራይ እነዚህን ዕቃዎች ካላስረከበ ለአከራይ ብር 5,000 ይከፍላል።» «ይህ» ጠፋ፣ በቦታው ድርጊቱ ራሱ ገባ።

መደጋገሙ ደብዳቤ ላይ ያስጠላል፣ ትምህርት ቤትም እንዳንደጋግም ተምረናል። ውል ላይ ግን መደጋገም ነው የሚፈለገው። እንዲያውም ለማስዋብ ብላችሁ አንዴ «ተከራይ»፣ አንዴ «ውል ተቀባይ»፣ አንዴ «ግለሰቡ» ስትሉ አንባቢ ሦስተኛ ሰው የገባ ይመስለዋል። አንዷ ወገን ሴት ስትሆን «ትከፍላለች» ይለይልናል ብለው የሚተማመኑም አሉ። በእሷ ፈንታ ወንድ ወኪል ሲፈርምና ግሱ ወደ «ይከፍላል» ሲንሸራተት ያ መለያ ይጠፋል።

«ውሉን ፈርመናል፣ ስህተቱን አሁን ነው ያየነው። በእስክሪብቶ ብናስተካክለውስ?»

ዋናው ላይ አትሰርዙ። ሁለታችሁ ከተስማማችሁ የማሻሻያ ውል ጻፉ፦ የመጀመሪያው ውል ቀን፣ የሚሻሻለው አንቀጽ እንዳለ፣ በምትኩ የሚገባው አንቀጽ፣ የሁለታችሁም ፊርማ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1722 በተለየ ፎርም የተደረገ ውል ሲለወጥም በዚያው ፎርም ይሁን ይላል። የመጀመሪያው በጽሑፍና በምስክሮች ከሆነ ማሻሻያውም እንደዚያው ይደረግ። ካልተስማማችሁ ግን ከውሉ በፊትና በኋላ ምን እንዳደረጋችሁ የሚያሳየውን ሁሉ፣ ደረሰኙንም መልእክቱንም፣ አሁኑኑ ሰብስባችሁ ያዙ። ቁጥር 1733 ግልጽ የሆነውን ቃል ዳኛ እንዳይለውጥ ይከለክላል። ቃሉ ግልጽ ካልሆነ ግን ሁለታችሁ ያሰባችሁት ይፈለጋል፣ የሚታየውም በጊዜው ያደረጋችሁት ነው።