የሠራተኛ ደመወዝ በባንክ፦ ግብሩና ጡረታው እንዳይዛባ (ጥያቄና መልስ)

ዳቦ ቤት፣ ፍኖተ ሰላም፦ ጋሼ እንደምን አመሹ፣ 4 ሠራተኛ አለኝ፣ ከልጆቹ ጋ የተዋዋልነው በእጅ 6,000 ብለን ነው። በየወሩ 6,000 በባንክ እልክላቸዋለሁ፣ ለገቢዎችም ደመወዝ 6,000 ብዬ አሳውቃለሁ፣ ግብሩንና ጡረታውን ከራሴ እከፍላለሁ። ችግር አለው?

ሒሳብ ሠሪ፣ ማርቆስ፦ እግዚአብሔር ይመስገን። አዎ አለው፣ ማርቆስም ቡሬም ደጀንም ሳይ የማገኘው ትልቁ ስህተት ይሄ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

አንተ ለገቢዎች ደመወዙ 6,000 ነው ስትል የምትለው ያልተጣራው 6,000 ነው ማለት ነው። ከዚያ ላይ ግብሩ 700 ነው (20 በመቶ 1,200 ይሆናል፣ 500 ይቀነሳል)፣ የሠራተኛው ጡረታ 7 በመቶ 420 ነው፣ ስለዚህ በወረቀትህ መሠረት ልጁ ኪስ መግባት ያለበት 4,880 ነው። ባንክ ስቴትመንትህ ግን 6,000 ይላል። ለአንድ ሰው በወር 1,120 ብር ልዩነት፣ የ4ቱን የዓመት ደምረው። ኦዲተር ሲመጣ መጀመሪያ የሚያደርገው የፔሮሉን የኔት ድምርና ከባንክ የወጣውን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው፣ ያቺን 1,120 ደግሞ ያልተገለጸ ደመወዝ ነው የሚላት። በጥሬ ገንዘብ ስትከፍል የማይታየው በባንክ ሲሆን ቁልጭ ብሎ ይታያል።

በእጅ 6,000 ብለህ ከተስማማህ ያልተጣራውን ወደ ላይ ማስላት አለብህ። በኤክሴል እንዲህ ነው፦

```
=(6000-850)/0.68
```

7,573.53 ይመጣል። 0.68 ያልሁት ከ100 ላይ 25ቱ የግብር፣ 7ቱ የጡረታ ሲነሳ 68 ስለሚቀር ነው። አሁን አረጋግጠው፦ ግብሩ 25 በመቶ ሲቀነስ 850 ነው፣ 1,043.38። ጡረታ 7 በመቶ 530.15። ሁለቱን ስታነሳ ልክ 6,000 ይቀራል። ያንተ የአሠሪው 11 በመቶ 833.09 ከዚህ ውጪ ነው፣ ከልጁ ላይ አይነካም። እንግዲህ አንድ ልጅ በወር የሚያስወጣህ 8,406.62 ነው፤ ይህን ሳታውቅ የዳቦ ዋጋ እያወጣህ ከሆነ ሒሳብህ ከመጀመሪያውም ተሳስቷል። ውሉንም በ7,573.53 አስተካክለህ ጻፈው፣ "በእጅ" የሚል ውል አትያዝ፣ ሠንጠረዥ በተቀየረ ቁጥር ትቸገራለህ።

ጋራዥ፣ ዳንግላ፦ ይቅርታ ጋሼ ግን ጡረታው ቀድሞ ተቀንሶ ከዚያ በቀረው ላይ አይደለም እንዴ ግብር የሚሰላው? እኔ እንደዛ ነው የምሠራው ማንም ምንም ብሎኝ አያውቅም።

ሒሳብ ሠሪ፣ ማርቆስ፦ አይደለም። ግብሩ ባልተጣራው ላይ ነው። ያንተ 11 በመቶ ነው ለሠራተኛው እንደ ገቢ የማይቆጠርበት፣ ሰው የሚደባልቀው እሱን ነው። 7 በመቶውም የሚሰላው ግብር በተጣለበት በዚያው ባልተጣራ ደመወዝ ላይ ነው። ማንም ምንም አላለኝም ማለት ደግሞ ገና አላዩህም ማለት ነው።

መድኃኒት ቤት፣ ሞጣ፦ እኔ በእጅ 4,500 ነው የምከፍላት፣ የርስዎን ፎርሙላ ስገባበት 5,367.65 አለኝ፣ ትክክል ነው?

ሒሳብ ሠሪ፣ ማርቆስ፦ አይ እታለም፣ ያ ፎርሙላ የሚሠራው በእጅ ከ5,610 እስከ 7,650 ላለው ብቻ ነው፣ ምክንያቱም 25 በመቶው እርከን ላይ የተሠራ ነው። ያንቺ ውጤት 5,367 ወጣ፣ ይሄ ደግሞ 20 በመቶ እርከን ውስጥ ነው፣ መሳሳቱን የምታውቂው በዚህ ነው፤ የወጣው ቁጥር የተጠቀምሽበት እርከን ውስጥ ካልወደቀ ፎርሙላው ያንቺ አይደለም። ለአንቺ `=(4500-500)/0.73` ነው፣ 5,479.45። ግብር 595.89፣ ጡረታ 383.56፣ ቀሪ 4,500።

ልብስ ስፌት፣ ቢቸና፦ ስለ ደመወዝ አከፋፈል ቢያብራሩልን

ሒሳብ ሠሪ፣ ማርቆስ፦ ምኑን? ስንት ሠራተኛ፣ ስንት ደመወዝ፣ የት ተቸገርሽ? እንዲህ ከተጠየቅሁ መመለስ አልችልም።

ሆቴል፣ ቡሬ፦ ለአንድ አስተናጋጅ 2,400 ነው የምከፍል፣ 600 ነፃ ነው ብዬ በ15 በመቶው እርከን 217.50 ቆረጥሁ፣ ልክ ነኝ?

ሒሳብ ሠሪ፣ ማርቆስ፦ የድሮው ሠንጠረዥ ነው የያዝከው! ከሐምሌ 1 ቀን 2017 ጀምሮ በአዋጅ 1395/2017 ተቀይሯል፣ እስከ 2,000 ነፃ ነው። 2,400 ላይ ግብሩ 60 ብር ነው። 157.50 አላግባብ ቆርጠህባታል፣ መልስላት፣ ያሳወቅከውንም ወር ይዘህ ገቢዎች ሂድና አስተካክል። ሌሎቻችሁም ከጓደኛ የተላከላችሁን የድሮ ኤክሴል ክፈቱና 600 የሚል ካያችሁ አጥፉት።

ወፍጮ ቤት፣ መራዊ፦ ለባንክ ሊስት በምልክበት ጊዜ አካውንቱ ተበላሽቶ ነው የሚሄደው፣ ባንኩ መለሰብኝ። ኤክሴል ላይ በትክክል ነው የጻፍሁት።

ሒሳብ ሠሪ፣ ማርቆስ፦ ይሄ ጥሩ ጥያቄ ነው። የንግድ ባንክ አካውንት በ1000 የሚጀምር 13 አሃዝ ነው፣ ኤክሴል ደግሞ ረጅም ቁጥር ሲያይ `1.00012E+12` እያለ ያሳጥረዋል፣ ፋይሉ በሌላ ፎርማት ሴቭ ሲደረግ ያጠረው ሊሄድ ይችላል። የሌላ ባንክ አካውንት በዜሮ የሚጀምር ከሆነ ደግሞ ዜሮዋን ይበላታል። መፍትሔው ቁጥሩን ከመጻፍህ በፊት ኮለመኑን በሙሉ መርጠህ ቴክስት ማድረግ ነው፤ ከጻፍክ በኋላ ብትቀይረው የተበላው ዜሮ አይመለስም፣ እንደገና መጻፍ ነው።

ሌላው ስም ነው። ደብዳቤህ ላይ በሠፈር የሚጠራበትን ስም ሳይሆን ባንክ ደብተሩ ላይ ያለውን ከነአያቱ ጻፍ። ገንዘቡም ከድርጅቱ አካውንት ይውጣ፣ ከራስህ የቁጠባ ደብተር ወይም ከባለቤትህ ቴሌብር አይደለም፣ ምክንያቱ ላይም "የጥቅምት 2018 ደመወዝ" ብለህ ጻፍበት። ከዓመት በኋላ ስቴትመንት ላይ ያቺ ብር ደመወዝ ትሁን ዕቃ የተገዛባት ማን ያስታውሳል።

ጋራዥ፣ ዳንግላ፦ እኔ ግን ልጆቹ ራሳቸው ጡረታ አንፈልግም ሙሉውን ስጠን ነው የሚሉት፣ ፈርመውልኛልም። እነሱ ካልፈለጉ እኔ ምን አገባኝ

መድኃኒት ቤት፣ ሞጣ፦ እንዴት ምን አገባኝ ትላለህ፣ ታናሽ ወንድሜ አዲስ አበባ አንድ ድርጅት ውስጥ ሠርቶ ሲለቅ ጡረታው ተቆርጦበት ገቢ ያልሆነባቸው ወራት ተገኙ። ልጁ በየወሩ ተቆርጦበታል፣ ወረቀቱ ላይ ግን የለም።

ጋራዥ፣ ዳንግላ፦ እሱ ሌላ ነው፣ ያ ሌብነት ነው። እኔ አልቆርጥም ነው ያልሁት።

ወፍጮ ቤት፣ መራዊ፦ አንድ ነው እንጂ፣ ልጁ ሲያረጅ ሁለቱም ጋ ባዶ ነው። 22 ዓመት ልጅ ጡረታ ልፈልግ ይላል እንዴ?

ጋራዥ፣ ዳንግላ፦ አሁን ባለው ኑሮ 7 በመቶ ቀላል መሰለህ፣ ዘይት ስንት ገባ

ሒሳብ ሠሪ፣ ማርቆስ፦ ስለ ዘይት ሌላ ጊዜ። ፊርማው አያድንህም፣ አዋጅ 1268/2014 ግዴታ ነው የሚለው፣ ሠራተኛና አሠሪ ተስማምተው የሚተውት ነገር አይደለም። ሲደረስብህ 7ቱንም 11ዱንም የምትከፍል አንተ ነህ፣ ልጁ ያን ጊዜ ሌላ ቦታ ገብቷል፣ ከማን ትቆርጣለህ?

የመድኃኒት ቤቷ ጉዳይ ግን ቆም ብሎ መታየት አለበት። ገቢ ያልተደረገ ብቻ ሳይሆን ገቢ ተደርጎ በሰውየው ስም ያልተመዘገበም አለ፣ ከውጭ ሲታዩ ሁለቱ አንድ ይመስላሉ። ለአንድ ወር የተከፈለው ጠቅላላ ብር ልክ ሆኖ ሊስቱ ላይ የልጁ ቲን አንድ አሃዝ ከተሳሳተ ብሩ ገብቷል፣ የእሱ ታሪክ ውስጥ ግን የለም። ስለዚህ ደረሰኝ ብቻ አትያዙ፣ የስም ዝርዝሩ ያለበትን የጡረታ ማሳወቂያ ገጽ ማህተም ያረፈበትን ያዙ፣ ለወንድምሽም የድሮ አሠሪው ያንን ገጽ እንዲያወጣለት ጠይቁት። አዲስ ሠራተኛ ስትቀጥሩ ቲኑን ከወረቀቱ ላይ ራሳችሁ ቅዱት፣ በስልክ ተነግሯችሁ አትጻፉ።

ዳቦ ቤት፣ ፍኖተ ሰላም፦ በወር መሃል ቅድሚያ ይወስዳሉ፣ በጥሬው 1,500 ስሰጠው በወሩ መጨረሻ 4,500 እልካለሁ። ይሄስ?

ሒሳብ ሠሪ፣ ማርቆስ፦ ደመወዙ አልቀነሰም፣ የተላከው ነው የቀነሰ። ግብሩም ጡረታውም በ7,573.53 ነው የሚሰላው፣ ፔሮሉ ላይ ከኔቱ ቀጥሎ "ቅድሚያ" የሚል ኮለመን ጨምርና 1,500 ጻፍ፣ የመጨረሻው ኮለመን 4,500 ይሁን፣ ከባንክ የሚወጣው ከዚያ ጋ ይገጥማል። ቅድሚያ የወሰደበት ቀን ይፈርም፣ ይሻል የነበረው ግን እሱንም በባንክ መላክ ነው። አደራ ደግሞ ዕዳ ስትቆርጥ በወር ከደመወዙ ሲሶ እንዳያልፍ፣ አሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ይከለክላል።

ሆቴል፣ ቡሬ፦ ትራንስፖርት አበል ብዬ ግማሹን ብከፍል ግብር ይቀንስልኛል ይባላል

ሒሳብ ሠሪ፣ ማርቆስ፦ ደመወዝን አበል ብሎ መጥራት አበል አያደርገውም። ጡረታ በመሠረታዊ ደመወዝ ላይ ነው፣ እውነተኛ አበል ካለህ ከግብር ነፃ የሚሆንበትን ጣሪያ ወረዳህ ገቢዎች ጠይቅ። በዚህ ከዚህ በላይ አልገባም።

ልብስ ስፌት፣ ቢቸና፦ እሺ ግልጽ ላድርገው፣ ጳጉሜን ለወር ደመወዝተኛ ለብቻ ይከፈላል? ወርስ ስዘጋ ምን ምን ልያዝ?

ሒሳብ ሠሪ፣ ማርቆስ፦ አሁን ጠየቅሽ። ጳጉሜን ለወር ደመወዝተኛ ለብቻው አይከፈልም፣ የቀን ሠራተኛ ካለሽ ግን የሠራበት ቀን ይከፈለዋል።

ወር ስትዘጊ ሦስት ድምር ነው የምታዪ። የዳቦ ቤቱን ልጆች ልውሰድ፣ 4ቱም እኩል ከሆኑና ቅድሚያ ያልወሰዱ ከሆነ ከባንክ የሚወጣው 24,000 ነው፣ ባንኩ በመለሰው ማረጋገጫ ላይ ይኼው ይነበብ። ለግብር 4,173.52፣ በግብር ማሳወቂያውና በደረሰኙ ላይ ይኼው። ለጡረታ 7ቱና 11ዱ ተደምሮ 5,452.96፣ በጡረታ ማሳወቂያውና በደረሰኙ ላይ ይኼው። የተፈረመውን ፔሮል ከላይ አድርገሽ አብረሽ ስፊያቸው። አንዷ እንኳ ካልገጠመች ወሩን አትዝጊ፣ ሳንቲም ከሆነ ከማጠጋጋት ነው፣ ከብር በላይ ከሆነ አንድ ሰው ላይ ተሳስተሻል። ወሩ ባለቀ በ30 ቀን ውስጥ ነው የምትከፍይ፣ የመጨረሻዋን ቀን አትጠብቂ፣ ሲስተም የሚጨናነቀው ያን ቀን ነው።

ወፍጮ ቤት፣ መራዊ፦ ሠራተኛው ሌላ ባንክ ሲሆን የማስተላለፊያ ክፍያ ይቆረጣል፣ እሱን ማን ይቻለው?

ሒሳብ ሠሪ፣ ማርቆስ፦ አንተ። ሠራተኛው በጽሑፍ ካልተስማማ ከደመወዙ ልትቆርጥ አትችልም።

ጋራዥ፣ ዳንግላ፦ ንግድ ባንክ ክፈት ብዬ ባስገድደውስ?

መድኃኒት ቤት፣ ሞጣ፦ ማስገደድማ አይሆንም፣ የፈለገበት ባንክ መብቱ ነው

ጋራዥ፣ ዳንግላ፦ የኔ ገንዘብ ነው ከየት እንደምልክ የምወስነው

ሒሳብ ሠሪ፣ ማርቆስ፦ ሲቀጠር ውሉ ላይ አስገባው፣ ከገባ በኋላ የሚነሳ ጭቅጭቅ እኔ ጋ አታምጡት። የሚቀጥለው ጥያቄ ያለው ይጻፍ፣ ስንት ሠራተኛና ስንት ደመወዝ እንደሆነ አብራችሁ ጻፉ።